አራቱ ካሎሪ ከየት መጣ? የምግብን ኃይል የምንሰላባቸው አማካይ ቁጥሮች

በታሸጉ ምግቦች ላይ የሚጻፈው የካሎሪ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። ስሌቱ አጭር ነው። በምግቡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን በ4፣ እያንዳንዱ ግራም ካርቦሃይድሬት በ4፣ እያንዳንዱ ግራም ስብ ደግሞ በ9 ይባዛና ሦስቱ ይደመራሉ። እነዚህ ማባዣ ቁጥሮች በአሜሪካዊው ኬሚስት በዊልበር አትዋተር ስም ይጠራሉ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮም በሥራ ላይ ናቸው። ቁጥሮቹ ድፍን ስለሆኑ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላሉ። እውነታው ግን የትኛውም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት ለሰውነት ልክ 4 ካሎሪ እንዲሰጥ አልተወሰነም። 4 የሚለው ቁጥር የበርካታ ምግቦች ልኬት ተደምሮ፣ የሚባክነው ተቀንሶና አንድ የተወሰነ ሕዝብ በሚበላው ድርሻ ተመዝኖ የተገኘ አማካይ ነው።

በምግብ ነክ ጽሑፎች ካሎሪ የሚባለው በሳይንስ ኪሎካሎሪ የሚሰኘው ነው። ይህም አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ በታች ካሎሪ በተባለበት ሁሉ ይኸው መለኪያ ነው።

መነሻው፦ ምግብ ሲነድ

የአትዋተር ስሌት የሚጀምረው ምግብን በማቃጠል ነው። መሣሪያው ቦምብ ካሎሪሜትር ይባላል። ተመዝኖ የደረቀ ትንሽ የምግብ ናሙና ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃው በኃይል በታመቀ ኦክስጅን ይሞላና ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያም በኤሌክትሪክ ሽቦ ሲለኮስ ናሙናው በቅጽበት እስከ መጨረሻው ይነድዳል። በዙሪያው ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ ሲለካ ከናሙናው የወጣው ኃይል ይታወቃል።

ልዩነቱ ገና ከዚህ ይጀምራል። ከካርቦሃይድሬት ወገን አንድ ግራም ግሉኮስ ወደ 3.75፣ አንድ ግራም የገበታ ስኳር ወደ 3.95፣ አንድ ግራም ስታርች ደግሞ ወደ 4.20 ካሎሪ ይሰጣል። ምክንያቱ ኬሚካዊ ነው። ስታርች እርስ በርስ የተያያዙ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ሰንሰለት ሲሆን ሁለት ግሉኮሶች በተያያዙ ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ከመሃል ይወጣል። ውሃ ደግሞ አይነድም። ስለዚህ አንድ ግራም ስታርች ከአንድ ግራም ግሉኮስ ይልቅ የሚነድ ነገር በብዛት ይይዛል። የገበታ ስኳር ሁለት ቀላል ስኳሮች ብቻ የተጣመሩበት በመሆኑ በሁለቱ መካከል ይውላል።

ፕሮቲንም እንደ ምንጩ ይለያያል። ፕሮቲኖች የሚገነቡት ከ20 ያህል የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ሲሆን እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ የራሱ የካርቦን፣ የሃይድሮጅን፣ የኦክስጅንና የናይትሮጅን መጠን አለው። አትዋተር በተጠቀመባቸው ልኬቶች መሠረት አንድ ግራም የሥጋ ፕሮቲን 5.65፣ የእንቁላል 5.75፣ የእህል 5.80፣ የጥራጥሬ 5.70፣ የአትክልት ደግሞ 5.00 ካሎሪ ይሰጣል። እነዚህ ቁጥሮች በአሜሪካውያን ምግብ ውስጥ ባላቸው ድርሻ ተመዝነው ለፕሮቲን 5.65፣ ለካርቦሃይድሬት ደግሞ 4.15 የሚሉት መነሻዎች ተገኙ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ መቀነስ ነው። ሰውነት እንደ ቦምብ ካሎሪሜትር ያለውን ሁሉ አያቃጥልምና።

የመጀመሪያው ቅናሽ፦ ሳይዋሐድ የሚወጣ

የተበላ ምግብ ሁሉ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። የቀረው በሰገራ ይወጣል። አትዋተርና ባልደረቦቹ ይህን ለመለካት ፈቃደኛ ሰዎችን ለጥቂት ቀናት ተመዝኖ የተሰጣቸውን ምግብ ብቻ ያበሉ ነበር። የሙከራው ሰገራ ከሌላው እንዳይቀላቀል በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማዕድ ላይ ጥላሸት የያዘ እንክብል ይሰጣል፤ ጥቁሩ ምልክት በሰገራ ውስጥ ሲታይ የሙከራው ድንበር ይታወቃል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ተሰብስቦ፣ ደርቆና ተመዝኖ የናይትሮጅን፣ የስብና የካርቦሃይድሬት ይዘቱ ይመረመራል። ከተበላው ላይ ይህ ሲቀነስ ሰውነት የወሰደው ድርሻ ይታወቃል።

ውጤቱ እንደ ምግቡ ዓይነት በእጅጉ ተለያየ። ከእንስሳት ተዋጽኦ ከተገኘው ፕሮቲን 97 በመቶው ወደ ሰውነት ገባ። ከእህል የተገኘው 85 በመቶ፣ ከጥራጥሬ የተገኘው ደግሞ 78 በመቶ ብቻ ሆነ። የባቄላ፣ የሽምብራና የመሰሎቻቸው ፕሮቲን የሚገኘው ጠንካራ ግድግዳ ባላቸው ሕዋሳት ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ጥሬ ጥራጥሬ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ሥራ የሚያውኩ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል፤ እሳት አብዛኞቹን ያከሽፋቸዋል፤ ሁሉንም ግን አያጠፋቸውም። በካርቦሃይድሬት በኩል ልዩነቱ ጠበብ ይላል። ከእህልና ከስኳር የተገኘው 98 በመቶ፣ ከአትክልት 95፣ ከፍራፍሬ ደግሞ 90 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ልኬት ውስጥ አንድ ሳንካ አለ። በሰገራ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በሙሉ ካልተፈጨ ምግብ የመጣ አይደለም። ከአንጀት ግድግዳ የሚረግፉ ሕዋሳት፣ የምግብ መፍጫ ፈሳሾችና ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን አላቸው። አትዋተር እነዚህን ለይቶ አላወጣም። ስለዚህ የእሱ መቶኛ የሚነግረን የምግቡን የመፈጨት አቅም ብቻ ሳይሆን ሰውነት በዚያው ሂደት ከራሱ ያጣውንም ጨምሮ ነው።

ሁለተኛው ቅናሽ፦ በሽንት የሚወጣ

ካርቦሃይድሬትና ስብ አንዴ ወደ ደም ከገቡ በኋላ ሰውነት ሲያቃጥላቸው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ፤ በቦምቡ ውስጥም የሚሆኑት ይህንኑ ነው። የፕሮቲን ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ፕሮቲን ናይትሮጅን አለው፤ ሰውነት ደግሞ ናይትሮጅንን የሚያስወግደው በጉበት ውስጥ ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት ነው። ዩሪያ ገና መንደድ የሚችል ውሕድ ነው። ከእሱ ጋር እንደ ክሬአቲኒንና ዩሪክ አሲድ ያሉ ሌሎች ውሕዶችም ይወጣሉ። ቦምቡ የሚቆጥረው ይህ ኃይል ለሰውነት ሳይደርሰው ይፈሳል።

አትዋተር ሽንትን አድርቆ በቦምብ ካሎሪሜትር አቃጠለ፤ የናይትሮጅኑንም መጠን ለካ። በሽንት ውስጥ ካለው እያንዳንዱ ግራም ናይትሮጅን ጋር ወደ 7.9 ካሎሪ እንደሚወጣ አገኘ። አንድ ግራም ናይትሮጅን 6.25 ግራም ፕሮቲንን ይወክላል ተብሎ ስለሚወሰድ 7.9 ለ6.25 ሲካፈል ወደ 1.25 ካሎሪ ይመጣል። ወደ ሰውነት የገባ እያንዳንዱ ግራም ፕሮቲን በሽንት የሚከፍለው ግብር ይህ ነው።

አሁን ስሌቱ ሊጠናቀቅ ይችላል። ለፕሮቲን ከ5.65 ላይ 1.25 ሲቀነስ 4.40 ይቀራል። ከተበላው ፕሮቲን በአማካይ የሚዋሐደው 92 በመቶ ስለሆነ 4.40 በ0.92 ሲባዛ 4.05 ይሆናል፤ ይህም ወደ 4 ይጠጋጋል። ለካርቦሃይድሬት በሽንት የሚቀነስ የለም። 4.15 በአማካዩ 97 በመቶ ሲባዛ 4.03 ይመጣል፤ ይህም ወደ 4 ይጠጋጋል። ለስብ 9.40 በ95 በመቶ ሲባዛ 8.93 ይሆንና በኋለኛው ልማድ 9 ተብሎ ይያዛል።

ከዚህ የሚታየው ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በአንድ ቁጥር ላይ የተገናኙት ተመሳሳይ ስለሆኑ አለመሆኑ ነው። ፕሮቲን በቦምቡ ውስጥ ከካርቦሃይድሬት በአንድ ካሎሪ ተኩል ይበልጣል፤ ብልጫው ግን በሽንትና በሰገራ ያልቃል። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ የደረሱት በአጋጣሚ ነው።

አማካዩ የማን ነው?

ከሥጋና ከወተት የሚገኝ ፕሮቲን 97 በመቶ፣ ከጥራጥሬ የሚገኝ 78 በመቶ የሚዋሐድ ከሆነ 92 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? መልሱ የሚገኘው በላቦራቶሪ ሳይሆን በሰዎች ማዕድ ላይ ነው። አትዋተር በዘመኑ የአሜሪካ ቤተሰቦች ምን እንደሚበሉ የሚያሳዩ ጥናቶችን ይዞ ነበር። በእነዚያ ጥናቶች ከ100 ግራም ፕሮቲን 61 ግራሙ ከእንስሳት፣ 39 ግራሙ ከዕፅዋት የመጣ ነበር። የዕፅዋቱ አማካይ ውሕደት ወደ 84 በመቶ ሲሆን ሁለቱ በየድርሻቸው ሲደመሩ 92 ይሰጣሉ። አትዋተር ከባልደረባው ከብራያንት ጋር ይህን ስሌት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሳተመ።

ከእሱ በፊት ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር ለፕሮቲንና ለካርቦሃይድሬት 4.1፣ ለስብ 9.3 የሚሉ ቁጥሮችን አውጥቶ ነበር። የአትዋተር ቁጥሮች ከእነዚህ ዝቅ ያሉት በሰገራ የሚወጣውን ከሦስቱም ላይ አጥብቀው ስለቀነሱ ነው።

አትዋተር ስሌቱን በወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። በሚድልታውን፣ ኮነቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮዛ ጋር አንድ ሰው የሚኖርበት ትንሽ ክፍል የሚያህል ካሎሪሜትር ሠራ። በውስጡ አልጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ነበረ፤ ምግብና ቆሻሻ በትንሽ መስኮት ይገባና ይወጣል። ሰውየው ለቀናት እዚያ ይቆያል፤ በአንዳንድ ሙከራዎችም ብስክሌት እየነዳ ይሠራል። ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት በክፍሉ ውስጥ በቱቦ የሚዘዋወር ቀዝቃዛ ውሃ ይሸከመዋል፤ የውሃው መጠንና የሞቀበት ልክ ሲታወቅ ሙቀቱ ይሰላል። የሚተነፍሰው አየርም ይመረመራል። ከሰውየው የወጣው ኃይል ካቃጠለው ምግብ ተሰልቶ ከሚጠበቀው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ያነሰ ሆነ። በዚህም የሰው አካል ለኃይል ጥበቃ ሕግ እንደሚገዛ፣ የስሌቱም መሠረት ጤናማ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ክፍሉ ያረጋገጠው ግን ዘዴውን ነው። 92 በመቶ የሚለው ድርሻ ለሁሉም ሕዝብና ለሁሉም ምግብ ይሠራል ማለት አይደለም።

በጾም ቀን ሲፈተሽ

እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ይሠሩ የነበሩት አናቤል ሜሪልና በርኒስ ዋት የአትዋተርን ዘዴ ይዘው ለእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት የተለየ ማባዣ አወጡ። በእነሱ ሠንጠረዥ የእንቁላል ፕሮቲን 4.36፣ የሥጋ 4.27፣ የደረቅ ጥራጥሬ 3.47 ካሎሪ ነው። የስንዴ ፕሮቲን በነጭ ዱቄት ሲሆን 4.05፣ ከነገለባው በተፈጨ ዱቄት ሲሆን 3.59 ነው። የስንዴ ካርቦሃይድሬት ደግሞ በነጭ ዱቄት 4.12፣ ከነገለባው 3.78 ይሆናል። የጥራጥሬ ካርቦሃይድሬት 4.07 ነው።

በጾም ቀን ዳቦና ሽሮ የሚበላ ሰው የእንስሳት ተዋጽኦ ስለማይቀምስ የአሜሪካው አማካይ ምን ያህል እንደሚገልጸው ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በቀን 60 ግራም ፕሮቲንና 300 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበላል እንበል። ከፕሮቲኑ 45 ግራሙ ከስንዴ፣ 15 ግራሙ ከሽሮ ይገኛል። ከካርቦሃይድሬቱ 240 ግራሙ ከስንዴ፣ 60 ግራሙ ከሽሮ ነው። ዘይቱ ለጊዜው ይቆይ።

በአጠቃላዩ ማባዣ ሲሰላ 60 በ4 ሲባዛ 240፣ 300 በ4 ሲባዛ 1,200፣ በድምሩ 1,440 ካሎሪ ይሆናል። ዳቦው ከነጭ ዱቄት ከሆነ በተለየው ማባዣ ከፕሮቲኑ 234፣ ከካርቦሃይድሬቱ 1,233 ይገኛል፤ ድምሩ 1,467 ነው። እዚህ ላይ ፕሮቲኑ በአጠቃላዩ ስሌት ከሚገባው በላይ፣ ካርቦሃይድሬቱ ደግሞ ከሚገባው በታች ተቆጥሯል። ሁለቱ ስሕተቶች ስለሚጣፉ ልዩነቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም።

ዳቦው ከነገለባው ከተፈጨ ስንዴ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከፕሮቲኑ 214፣ ከካርቦሃይድሬቱ 1,151 ይገኛል፤ ድምሩ 1,365 ነው። አጠቃላዩ ስሌት በ75 ካሎሪ፣ ማለትም ከ5 በመቶ በላይ አብዝቶ ቆጥሯል። የሰውየው ማዕድ በግራም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወፍጮው ነው። ገለባው ሲቀላቀል ከፕሮቲኑም ከካርቦሃይድሬቱም የሚባክነው ይበዛል፤ ስሕተቶቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ አይጣፉም።

ይህ ምሳሌ አጠቃላዮቹ ማባዣዎች መቼ እንደሚታመኑ ያመለክታል። ብዙ ዓይነት ምግብ በተቀላቀለበት ገበታ ላይ ከእውነታው ብዙ አይርቁም፤ የተሠሩትም ለዚሁ ነው። አንድን ምግብ ብቻ ነጥሎ ለመመዘን፣ በተለይም አሰር የበዛበትን ለመመዘን፣ ሲውሉ ግን አብዝተው ይቆጥራሉ። የተለዩት ማባዣዎችም ቢሆኑ አማካይ ናቸው። የጥራጥሬው 3.47 ሽሮ ተቆልቶ፣ ተከክቶና ልሞ ተፈጭቶ ለረጅም ሰዓት መብሰሉን አያውቅም።

ግራሙም ራሱ ግምት ነው

እስካሁን የተነገረው ስለ ማባዣው ነው። የሚባዛው ግራምም ቢሆን በቀጥታ አይመዘንም። ፕሮቲን የሚታወቀው በምግቡ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ተለክቶ በ6.25 ሲባዛ ነው። ይህም ፕሮቲን በአማካይ 16 በመቶ ናይትሮጅን ነው ከሚል ግምት የመጣ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ግን ለወተት 6.38፣ ለስንዴ ዱቄት 5.70 ነው። 2 ግራም ናይትሮጅን ያለው ዱቄት በ6.25 ሲሰላ 12.5 ግራም፣ በ5.70 ሲሰላ 11.4 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል።

ይህ ልዩነት ወደ ካርቦሃይድሬቱም ይሻገራል። በአትዋተር ዘዴ ካርቦሃይድሬት ራሱ አይለካም፤ ከ100 ግራም ምግብ ላይ ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ስቡና አመዱ ተቀንሶ የቀረው ሁሉ ካርቦሃይድሬት ይባላል። ስለዚህ በአራቱ ልኬቶች ላይ የተፈጠረ ማናቸውም ስሕተት እዚያ ይከማቻል። አሰርም በዚያው ይቆጠራል። አሰር በትንሹ አንጀት ውስጥ አይፈጭም፤ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን አብላልተው ሰውነት ሊጠቀምበት ወደሚችል አጫጭር የስብ አሲድ ይለውጡታል፤ የቀረው በሰገራ ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ሰነድ ለአሰር በግራም 2 ካሎሪ እንዲያዝ መክሯል። 20 ግራም አሰር ያለበት ምግብ በ4 ሲሰላ 80፣ በ2 ሲሰላ 40 ካሎሪ ይሆናል። ሁለት አገሮች ወይም ሁለት ሠንጠረዦች ለአንድ ዓይነት ምግብ የተለያየ ካሎሪ ከሰጡ በመጀመሪያ መታየት ያለበት አሰሩ ተለይቶ መቆጠር አለመቆጠሩ ነው።

በመጨረሻም የአትዋተር ቁጥር የሚለካው ለሰውነት የሚደርሰውን ኃይል እንጂ ሰውነት ለሥራ የሚያውለውን አይደለም። ፕሮቲንን ለመፍጨትና ዩሪያን ለመሥራት ከካርቦሃይድሬት የበለጠ ኃይል ይጠፋል፤ ኃይሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ያው ሰነድ ይህንን የሚቀንስ ሌላ የአቆጣጠር ዘዴም ያነሳል፤ በእሱ መሠረት የፕሮቲን ድርሻ በግራም 3.2 ካሎሪ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት እኩል አይደሉም፤ ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣልና። በገበያ ላይ ባሉ ማሸጊያዎች ዘንድ ግን አሁንም የሚሠራበት የአትዋተር አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ ላይ የተጻፈው የካሎሪ ቁጥርም በጥቂት በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል አማካይ ሆኖ መነበብ አለበት።